የሙሽራ ፀጉር ሙከራ ጠዋት ይሁን

በግንቦት ባሕር ዳር የምታገቢ እህቴ፣ የፀጉር ሙከራውን ሠርጉ 3 ወይም 4 ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ተሠሪ፤ ራስሽ ላይ የሚደረገውን ቬሎም ይዘሽ ሂጂ። ቤት ስትገቢ አትፍቺው፣ እስከ ማታ ዋይበት፣ እስክስታም ውረጂበት። ማታ ግንባርሽ ዳር ያለው ፀጉር ከተጠቀለለ ወይ ቬሎው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ያ ስታይል ለሠርጉ ቀን አይሆንሽም። በፒያስትራ ብቻ የተለሰለሰ ፀጉር ላብና የጣና እርጥበት ሲያገኘው ይመለሳል፣ ስለዚህ ከፊት በስሱ ሹሩባ ተሠርቶ ከኋላ የተጠቀለለው ይሻላል፤ የቬሎው ማበጠሪያም ሹሩባው ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። አጥብቀው ጎንጉነው ካመመሽ እዚያው ንገሪያቸው፣ አለዚያ በሠርጉ ቀን ቀኑን ሙሉ ራስሽን ነው የሚያምሽ። ፀጉርሽን ማሳጠር ካሰብሽ ከሙከራው በፊት ተቆረጪ፣ በኋላ ከሆነ የሞከርሽው ስታይል ልኩ ይቀየራል። ጫፉን ብቻ ከሆነ 2 ሳምንት ሲቀር ይበቃል።