ኤቲፒው አለቀ፣ ግሉታሚኑ ግን የለም፦ የተጣመሩ ሪአክሽኖች ችግርና መፍትሄ

የባዮኬሚስትሪ መልመጃ ማረም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ተማሪው ይለዋወጣል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። የማያቸውን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ላይ ላስቀምጣቸው። ግሉታሜት ከአሞኒየም ጋር ተዋህዶ ግሉታሚን ይሆናል። ይህ ሪአክሽን ብቻውን ሲሆን ΔG°′ +14.2 ኪሎጁል በሞል ነው። የኤቲፒ ሃይድሮሊሲስ ደግሞ −30.5 ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች 7።

ምልክት፦ K′ 0.99 ሆኖ ይወጣል

ይህ ቀላሉ ነው። ΔG°′ን በኪሎጁል፣ Rን በጁል አስገብተሃል ማለት ነው።

```
K′ = e^(−ΔG°′/RT)
RT = 8.314 × 298 = 2478 J/mol = 2.48 kJ/mol
K′ = e^(−14.2/2.48) = 0.0032
```

መልሱ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ሆኖ ከወጣ ደግሞ በካልኩሌተሩ e የሚለውን ትተህ 10 የሚለውን ተጭነሃል።

ምልክት፦ የተጣመረው ሪአክሽን K′ 220,000 ሆኖ ይወጣል

ሁለቱን K′ ደምረሃቸዋል። 220,000 የኤቲፒ ሃይድሮሊሲስ የራሱ ቋሚ ነው። 0.0032 ብትደምርበት ንቅንቅ አይልም፤ ለዚህ ነው ተማሪው ራሱ ስህተቱን የማያየው። ΔG°′ ይደመራል፣ K′ ግን ይባዛል። በመካከላቸው ያለው ሎጋሪዝም ነውና። 14.2 ሲደመር −30.5 ይሆናል −16.3። ከዚህ የሚወጣው K′ 720 ገደማ ነው። ሁለቱን ቋሚዎች ብታባዛም እዚያው አካባቢ ትደርሳለህ። ካልደረስክ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል።

ምልክት፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ ማብራሪያው ግን «ኤቲፒ ሲሰበር የወጣው ኃይል ግሉታሚንን ሠራው» ይላል

እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ከአስር ወረቀት ሰባት ስምንቱ ላይ የማየው ይህንን ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ የሙከራ ዕቅድ ይዞልኝ መጣ። በአንድ ቱቦ ውስጥ ግሉታሜት፣ አሞኒየምና ኤቲፒ ይጨምራል። ከዚያ ኤቲፒን በውሃ ብቻ የሚሰብር ኢንዛይም ያክልበታል። «−30.5 እዚያው ቱቦ ውስጥ ይለቀቃል፣ 14.2ቱን ይሸፍናል፣ 16.3 ይተርፋል» አለኝ። ስሌቱ ላይ ቅንጣት ስህተት የለም። «ቱቦውን ብትነካው ምን ታገኛለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሙቀት» አለ። «ግሉታሚኑስ?» ዝም አለ።

ግሉታሚኑ የለም። ኤቲፒው ይሰበራል፣ ውሃው ትንሽ ይሞቃል፣ ግሉታሜቱ እንደነበረ ይቀመጣል። ሁለት ሪአክሽኖች አንድ ቱቦ ውስጥ ስለሆኑ ብቻ ተጣመሩ አይባልም። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚዘል ኃይል የሚባል ነገር የለም። ΔG መደመር የሚፈቀደው ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ሞለኪውል ሲኖር ነው፤ የአንዱ ምርት የሌላው ግብዓት ሲሆን።

ሴል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ግሉታሚን ሲንቴቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

```
1) Glu + ATP → Glu-P + ADP
2) Glu-P + NH3 → Gln + Pi
```

መጀመሪያ የኤቲፒ መጨረሻ ፎስፌት ተነሥቶ በግሉታሜት የጎን ካርቦክሲል ላይ ይቀመጣል። ጋማ-ግሉታሚል ፎስፌት ይባላል። ካርቦክሲል ላይ ያለውን ኦክስጅን ብቻውን አንሥቶ በአሞኒያ መተካት ከባድ ነው። ፎስፌት ሲለጠፍበት ግን በቀላሉ የሚለቅ ይሆናል። አሞኒያው ይገባል፣ ፎስፌቱ ይወጣል።

አሁን ልብ በል፦ ከሁለቱ እርምጃዎች በየትኛውም ውሃ የለም። ሃይድሮሊሲስ አልተካሄደም! «የኤቲፒ ሃይድሮሊሲስ ሪአክሽኑን ይገፋል» የምንለው የሒሳብ አነጋገር ነው። አንዱ ሪአክሽን ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ውሃ ያወጣል፤ ስንደምራቸው ይጣፋሉ። ድምሩ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

መካከለኛው ሞለኪውል የወረቀት ፈጠራ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። የግሉታሜቱ ካርቦክሲል ላይ ያለው ኦክስጅን ከባዱ ኦክስጅን-18 እንዲሆን ይደረጋል። ሪአክሽኑ ሲያልቅ ያ ኦክስጅን የሚገኘው ወጥቶ በሄደው ፎስፌት ላይ ነው። ፎስፌቱ ግሉታሜቱ ላይ ካልተቀመጠ ከየት ያመጣዋል?

ለዚህ ስህተት ተማሪውን ብቻ አልወቅስም። አንዱን ቀስት ጎንበስ አድርገው «ATP» በአንድ በኩል አስገብተው «ADP» በሌላው የሚያስወጡት ሥዕሎች ናቸው ያበላሹት። ፎስፌቱ የት እንዳረፈ አያሳዩም። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲገጥምህ እርሳስ አንሣና ፎስፌት የተሸከመውን ሞለኪውል ራስህ ጻፍበት።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቦንዱ ሲሰበር ኃይል ይወጣል» ብለህ አትጻፍ። የትኛውም ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይበላል። ነፃ ኃይሉ የሚቀንሰው ምርቶቹ ከኤቲፒና ከውሃ ይልቅ የተረጋጉ ስለሆኑ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የK′ ትልቅነት ስለ ፍጥነት ምንም አይነግርህም። ኤቲፒ ያለ ኢንዛይም ውሃ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ቶሎ የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ የሚጋራው ፎስፌት ባልተረፈው ነበር።

ምልክት፦ «ሴል ውስጥ ΔG −16.3 ነው» የሚል መልስ

−16.3 መደበኛው ነው፤ ሁሉም ነገር 1 ሞላር ሲሆን። ሴል ውስጥ ማንም 1 ሞላር አይደለም። የሰው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኤቲፒ 2.25፣ ኤዲፒ 0.25፣ ፎስፌት 1.65 ሚሊሞላር ገደማ ነው። እነዚህን አስገባና እይ፦

```
ΔG = ΔG°′ + RT ln([ADP][Pi]/[ATP])
   = −30.5 + 2.48 × ln(0.000183)
   ≈ −52 kJ/mol
```

−30.5 የነበረው −52 ሆነ። ይህ ምን ያህል እንደሚለውጥ በግሉታሚናችን ላይ እንፈትነው። አሞኒየሙን ለስሌት እንዲመች 1 ሚሊሞላር እንበል። ያለ ኤቲፒ ሚዛኑ ላይ ለአንድ ግሉታሚን 310,000 ገደማ ግሉታሜት ይቀራል። እነዚያን የኤቲፒ፣ የኤዲፒና የፎስፌት መጠኖች ይዘን ብናጣምረው ደግሞ ለአንድ ግሉታሜት ወደ 3,900 ግሉታሚን ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ሴል እዚህ ሚዛን ላይ አይደርስም፤ ግሉታሚኑን ይጠቀምበታል፣ ኢንዛይሙንም ይቆጣጠረዋል። ግን ጣሪያው የት እንዳለ ያሳይሃል።

ከቢሊዮኑ ውስጥ 220,000ው ብቻ ነው ከኤቲፒ ኬሚስትሪ የመጣው። የቀረው አምስት ሺህ እጥፍ ገደማ የመጣው ሴሉ ኤቲፒን ከኤዲፒ አስበልጦ ስለሚይዝና ፎስፌቱም ከ1 ሞላር እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነው። ኤቲፒ፣ ኤዲፒና ፎስፌት ሚዛናቸው ላይ ቢደርሱ የኤቲፒ ΔG ዜሮ ይሆናል። ያኔ ኤቲፒ ምንም አይገፋም፤ −30.5 የሚለው ቁጥር ግን ሰንጠረዡ ላይ እንዳለ ነው።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ ኤቲፒው ወደ ኤዲፒ ሳይሆን ወደ ኤኤምፒና ፓይሮፎስፌት ከተሰበረ −30.5ን አትጠቀም፤ የዚያን መንገድ ቁጥር ፈልግ፣ ፓይሮፎስፌቱ ወዲያው የሚሰበርበትንም ለብቻ ደምር።