ወደ ጀርመን የሚላክ ጥቅል የጉምሩክ ቅጽ ሲተረጎም የሚሠሩ ስህተቶች

አንዲት እናት ፍራንክፈርት ላለ ልጃቸው ጥቅል ሊልኩ ነው እንበል። ዝርዝራቸው አጭር ነው፤ ቡና ግማሽ ኪሎ፣ በርበሬ አንድ ኪሎ፣ አንድ ነጠላ። ይህን CN23 በሚባለው የፖስታ ጉምሩክ ቅጽ ላይ በእንግሊዝኛ መሙላት ቀላል ይመስላል። አይደለም።

"ቡና" ብሎ ማለፍ። ጥሬ ነው ወይስ የተቆላ? ጥሬ ቡና በዕቃዎች መለያ ኮድ 0901.11 ነው፤ ተራው የተቆላ ቡና ደግሞ፣ ቢፈጭም ባይፈጭም፣ 0901.21 ነው። ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አላት፤ ጥሬው ላይ ግን የለም። ስለዚህ ዝርዝሩ ካልነገረዎት አይገምቱ፤ ደውለው እናትየውን ይጠይቁ።

በርበሬን "ፔፐር" ማለት። ለጉምሩክ ሠራተኛው ይህ ቁንዶ በርበሬ ሊመስለው ይችላል። "ቅመም" ብቻ ማለትም አይረዳውም። ቃሪያው ብቻውን የተፈጨ ከሆነ 0904.22 ነው። ኮረሪማና ሌላ ቅመም ከገባበት ወደ ቅመም ድብልቅ፣ ወደ 0910.91 ይሄዳል። ነጠላ ላይ ደግሞ ከስሙ ይልቅ የጨርቁን ዓይነት ይጻፉ። በእኛ ምሳሌ እናትየው ቡናው የተቆላ፣ በርበሬው ቅመም የገባበት፣ ነጠላው የጥጥ ሽመና ነው ካሉ፣ ቅጹ እንዲህ ይሞላል፦

```
Roasted coffee beans           0.5 kg  0901.21
Ground spice mix, with chilli  1 kg    0910.91
Cotton shawl, woven            0.3 kg  6214.90
```

ሚዛን ያሳየውን ክብደት በየዕቃው ላይ ማከፋፈል። ከየዕቃው አጠገብ የሚጻፈው የዕቃው የተጣራ ክብደት ነው፤ እዚህ ድምሩ 1.8 ኪሎ ይሆናል። ካርቶኑና ማሸጊያው ተጨምሮ ሚዛኑ 2.2 ቢል፣ ያ ጠቅላላ ክብደት በሚለው ቦታ ብቻ ይገባል። ሁለቱ አለመመሳሰላቸው ትክክል ነው፤ ለማስታረቅ አይድከሙ። አንድ ኪሎን 1.000 ብለውም አይጻፉ። ጀርመኖች አሥርዮሽን በኮማ ስለሚለዩ፣ ነጥቧን የሺህ መለያ አድርገው ሊያነቧት ይችላሉ።

ቀኑን እንዳለ መገልበጥ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 2017 የተሞላ ወረቀት 25/02/2017 ተብሎ ከተገለበጠ፣ ጀርመን ላይ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2017 ተብሎ ይነበባል። ጥቅሉ ከሰባት ዓመት በፊት የተላከ ሊመስል ነው! ትክክለኛው 4 Nov 2024 ነው። ወሩን በፊደል መጻፍ ጥርጣሬውን ያጠፋል።

የመከታተያ ቁጥሩን መንካት። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ ET። ይህ አይተረጎምም፤ አይስተካከልም። ET ጥቅሉ የተነሳበትን አገር እንጂ መድረሻውን አይናገርም። ዘጠነኛው አሃዝ ከቀደሙት ስምንት ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ነው። ሲገለብጡ አንድ አሃዝ ከተሳሳቱ ብዙውን ጊዜ ስሌቱ አይገጥምም፣ ፍለጋውም ቁጥሩን አይቀበልም። ያኔ ፖስታ ቤቱን ከመውቀስዎ በፊት ቁጥሩን ከመለያው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።