አሁን 1 ሚሊዮን ወይስ ከ3 ዓመት በኋላ 1.5? ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአጎቴ ልጅ የሱቅ ድርሻዋን ለሸሪኳ ልትሸጥ ነበር፣ ሰውዬው "አሁን 1 ሚሊዮን ልስጥሽ ወይስ ከ3 ዓመት በኋላ 1.5?" አላት። ማታ ደወለችልኝ፣ "500 ሺ ትርፍ እኮ ነው፣ ልጠብቀው?" ትላለች።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ጋ ነው። ሁለቱ ብሮች የተለያየ ቀን ላይ ስለሆኑ ዝም ብሎ መቀነስ አይቻልም። እቁብ የጣለ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ብሩ እኩል ሆኖ እንኳ የመጀመሪያ እጣ የደረሰውና የመጨረሻው እኩል አይደሉም። መጀመሪያ የሩቁን ብር ወደ ዛሬ መመለስ አለባችሁ፣ ቀመሩም አጭር ነው፦

```
PV = FV / (1 + r)^n
```

PV የሩቁ ብር ዛሬ ላይ የሚያወጣው፣ FV የሩቁ ብር፣ r በዓመት ብሩን ሌላ ቦታ ብታሠሩት የምታገኙት ወለድ፣ n የዓመቱ ብዛት ነው። ለምሳሌ 15 ፐርሰንት ካልን 1.15ን ሦስት ጊዜ በራሱ ስናባዛው 1.5209 ይመጣል፣ 1.5 ሚሊዮንን ለሱ ስናካፍል 986 ሺ ገደማ። ማለትም የሷ 1.5 ዛሬ ላይ 1 ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። ኤክሴል ላይ ደግሞ እንደዚ ነው፣ 15 ብላችሁ ፐርሰንቷን ከረሳችሁ 1500 ፐርሰንት አድርጎ ነው የሚያስበው፦

```
=PV(15%,3,0,-1500000)
```

ሁለተኛው፣ ወለዱን በዓመት አባዝቶ መቀነስ። "በዓመት 15 ከሆነ በ3 ዓመት 45፣ ከ1.5 ላይ 45 ፐርሰንት ስቀንስ 825 ሺ" ያለኝ ሰው አለ። አይ! ወለድ ወለድ ይወልዳል፣ ደግሞ የምንመለሰው በማካፈል እንጂ በመቀነስ አይደለም። በዛው ስሌት "50 ፐርሰንት ለ3 ሲካፈል በዓመት 16.7 እየከፈለኝ ነው" ማለትም ልክ አይደለም፣ ሸሪኳ በትክክል እየከፈላት ያለው በዓመት 14.5 ገደማ ነው። ይቺ ቁጥር ጠቃሚ ናት፣ ብሩ ሌላ ቦታ ከ14.5 በላይ የሚያስገኝላት ከሆነ አሁን ትውሰድ፣ ካልሆነ ትጠብቅ።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ r ላይ የሰው ቁጥር ማስገባት ነው። ብሩን ወስዳ 7 ፐርሰንት የሚከፍል የቁጠባ ደብተር ላይ ዝም ብላ የምታስቀምጠው ከሆነ 1.5ቱ ዛሬ 1.22 ሚሊዮን ነው የሚያወጣው፣ መጠበቅ ያዋጣታል። ግን እሷ 20 ፐርሰንት የምትከፍልበት የ350 ሺ ዕዳ ነበረባት። እሺ 20 እናስገባ ስትለኝ ቆይ አልኳት፣ 20ው የሚሠራው ዕዳውን በሚዘጋው ብር ላይ ብቻ ነው፣ የተረፈው 650 ሺ ግን በ15 ነው የሚቀመጠው። ስለዚ ወደፊት ቆጠርነው፦ 350ው በ20 ከ3 ዓመት በኋላ 605 ሺ ይሆናል (ያው ከመክፈል የምትድነው ዕዳ ነው)፣ 650ው በ15 ደግሞ 989 ሺ፣ ድምሩ 1.594 ሚሊዮን። ከ1.5ቱ በ94 ሺ ገደማ ይበልጣል።

ሌላው የኑሮ ውድነቱን ሁለቴ መቁጠር ነው። የያዝነው የ15 ፐርሰንት ወለድ ውስጥ የዋጋ ንረት አብሮ አለበት፣ ስለዚ 1.5ን መጀመሪያ በ10 ፐርሰንት ንረት አሳንሳችሁ ከዛ ደግሞ በ15 ካካፈላችሁት 741 ሺ ይመጣል፣ ይሄ ልክ አይደለም። ወይ ሁሉንም በዛሬ ዋጋ አስቡና r ወደ 4.5 ይውረድ፣ ወይ ንረቱን ተዉትና 15ን ያዙ።

የመጨረሻው፣ ቃል የተገባ ብር እጅ ላይ እንዳለ ብር ማሰብ። ሸሪኳ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን አንድ ዓመት ብቻ ቢዘገይ 986 ሺው 858 ሺ ይሆናል፣ 128 ሺ ብር በዝምታ ሄደ ማለት ነው። የሰፈራችን ሰው ይሄን አይቆጥረውም፣ "ዋናው መክፈሉ ነው" ይላል። ደግሞ ውሉ በብር ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ በብር የሚከፈለው ሰው ምን እንደተሰማው ታስታውሳላችሁ፣ ከውጪ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ እንዴት ሆነ? ሰውዬው ለካ ሙሉ 1 ሚሊዮን በእጁ የለውም፣ ለዛ ነው 3 ዓመቱን ያመጣው። 600 ሺ አሁን፣ 480 ሺ ከዓመት በኋላ ዋስ ጠርቶ እንዲሰጣት ጠየቀችው፣ እሺ አለ። 480ው በ15 ወደ ዛሬ ሲመጣ 417 ሺ ነው፣ ከ600ው ጋር 1.017 ሚሊዮን። ዕዳዋንም በሳምንቱ ዘጋች።