በድምፅ የተጻፈ መልእክት ተቀላቅሎ ሲደርሰን፦ መልስ ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ዓይኗ ስለደከመ ፊደል እየለቀመች መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ማይክ ተጭና ትናገራለች፤ ስልኩ ይጽፍላታል። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ውስጥ ካስገባ ወዲህ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር በጽሑፍ መገናኘት ጀምረዋል። ችግሩ ስልኩ የሰማውን ሁሉ በትክክል አይጽፍም። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መጣልኝ፦

«ልጄ ደህና ነሽ ለአናጢው የቀረውን እንድትልኪ ስራው ገና ነው ቆርቆሮው አልመታም ስልሳ ሺ ነው የሚለው»

በዚህ መልእክት ላይ ልንሠራቸው የምንችላቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ። አንዱን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ።

እንደተጻፈ አምኖ «እሺ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሰውየውን ላለማሳፈር ብለን ዝም ብለን «እሺ» እንላለን። እኔም «እሺ እትዬ» ብዬ ገንዘቡን ለመላክ ተነሳሁ። ደግነቱ ባንኩ ዘግቶ ነበር። ማታ ስደውልላት ያለችው «እንድትልኪ» ሳይሆን «እንዳትልኪ» ነው። በድምፅ ልዩነቱ አንዲት አናባቢ ናት። በትርጉም ግን አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው።

ቀስ ብዬ አንብቤው ቢሆን ኖሮ መልእክቱ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ሥራው ገና ከሆነ፣ ቆርቆሮውም ካልመጣ፣ የቀረውን ክፍያ ምን አስቸኮለው? ሌላም ምልክት አለ። «እንዳትልኪ» ብቻውን ቆሞ ትእዛዝ ይሆናል። «እንድትልኪ» ግን ብዙውን ጊዜ ከኋላው «ፈልጌ ነው» ወይም «አደራ» የሚል ነገር ይከተለዋል። ብቻውን ተንጠልጥሎ ስታዩት ጠርጥሩ።

«አልመታም» የሚለው «አልመጣም» ነው። ስልኩ ጠ እና ተን፣ ቀ እና ከን ያምታታል። ስለዚህ ትርጉም ያጣ ቃል ሲገጥማችሁ ጮክ ብላችሁ፣ ፈጠን አድርጋችሁ አንብቡት። ዓይን ያልያዘውን ጆሮ ይይዘዋል። ካልሆነ ተን በጠ፣ ከን በቀ ቀይራችሁ ሞክሩ። ጥብቀትና ልልነት ደግሞ በፊደላችን አይታይም። «ገና» በዓሉም «እስካሁን አላለቀም» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዙሪያው ነው።

ቁጥሩም አለ። «ስልሳ» እና «ሰላሳ» በችኮላ ሲነገሩ ይመሳሰላሉ። አክስቴ ያለችው ሰላሳ ነበር።

«አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለት

ይሄ ክፉ ንግግር አይደለም፤ ግን አይሠራም። አክስቴ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ትደግማለች፣ ስልኩም ያንኑ ስህተት ይደግማል። ሁለተኛው ላይ «አሁንስ?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ላይ «ተይው ልጄ» ብላ ትተወዋለች። ከዚያ በኋላ አትጽፍም። ብዙ ትልልቅ ሰዎች መጻፍ የሚያቆሙት እንዲህ ነው።

የሚሻለው የተረዳነውን መልሱ ውስጥ አስገብቶ መላክ ነው። ለአክስቴ እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦

«ደህና ነኝ እትዬ፣ እርስዎስ? እሺ፣ ቆርቆሮው እስኪመጣ ለአናጢው የቀረውን ብር አልልክም። ጠቅላላው 30 ሺህ ነው አይደል?»

ይህ መልስ የትኛው ቃል እንደተበላሸ አይናገርም። ትክክል ከሆነ «አዎ» ትላለች። ካልሆነ የምታርመው እኔን እንጂ ራሷን አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን በአኃዝ መጻፉም ይጠቅማል፤ 30 እና 60 ለዓይን አይመሳሰሉም።

ገንዘብ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መድኃኒት ወይም «አል» እና «እንዳ» ያለበት ግስ ካለ ሁልጊዜ እንዲህ መልሳችሁ ንገሩ። ሌላውን ማለፍ ይቻላል። «ደህና ነሽ» የሚለው ሌላ ነገር ሆኖ ቢመጣ ምንም አይጎዳም።

ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት መሳቅ

የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሳቅ ምልክት መደርደር፣ መልእክቱን ፎቶ አንስቶ ማዞር፣ ትክክለኛውን ቃል በኮከብ ምልክት አርሞ መለጠፍ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ሳቃችን በፍቅር ቢሆንም አክስቴ ያንን አታይም። የምታየው አሥራ አምስት ሰው ሲስቅባት ነው። ሌላው ሲስቅ ካያችሁ እናንተ ቀድማችሁ ለጉዳዩ መልስ ስጡ። ወሬው ወደ ቆርቆሮው ይዞራል።

ቃናውን ከሰውየው መቁጠር

በድምፅ የተጻፈ መልእክት ብዙ ጊዜ ነጥብም የጥያቄ ምልክትም የለውም። አማርኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥያቄን በድምፅ ብቻ ይለያል። «እሁድ ትመጫለሽ» ጥያቄም ትእዛዝም ይመስላል። ስልኩ «እርስዎ» የተባለውን «አንተ» ሊያደርገው ይችላል፤ «ይምጡ» «ይምጣ» ሆኖ ይደርሳል። በዚህ የሚቀየም ሰው አይቻለሁ። አክባሪያችሁ የነበረ ሰው ድንገት አንተ ካላችሁ መጀመሪያ ስልኩን ጠርጥሩ፤ በእናንተ በኩል የለመዳችሁትን አክብሮት አትቀንሱ።

በሐዘን ጊዜ ለመገመት መሞከር

አንድ ጎረቤቴ የደረሳት መልእክት «አባባ ትናንት ተከበሩ» የሚል ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ መለሰች። የተባለው «ተቀበሩ» ነው። ቀ ከ ሆኖ ነው። እስከ ዛሬ ስታወራው ፊቷ ይለወጣል።

ሞት፣ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ሊኖርበት የሚችል መልእክት ካልጠራላችሁ አትጻፉ። ደውሉ። ስትደውሉም «ምን ጽፈሽ ነው?» አትበሉ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው» በሉ፤ ወሬው ራሱ ይመጣል። ደግሞም ድምፃቸውን መስማት የእውነት ስለሚያስፈልጋችሁ ውሸት አይደለም።

በዚያው ሰዓት ማስተማር

መልእክቱ ላይ እያለን «እትዬ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ» ማለት ወቀሳ ሆኖ ይሰማል። ይህን በአካል ስትገናኙ፣ ቡና ላይ፣ ስልኩን አብራችሁ ይዛችሁ አድርጉት። እኔ ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ሁለት ነገር ብቻ አየሁ።

አንደኛ፣ ኪቦርዱ አንዳንዴ እንግሊዝኛ ላይ ሆኖ ነበር አማርኛ የሚሰማው። ሙሉ መልእክቱ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ቃል ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። በእሷ ስልክ የክፍተቷን ቁልፍ ተጭኖ ሲያቆዩ የቋንቋ ዝርዝር ይመጣል፤ አማርኛን ከዚያ መረጥንላት።

ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ማይክ እንዳለ አላወቀችም። የኪቦርዱ ማይክ ይጽፋል። ቴሌግራም ላይ ከመጻፊያው ሳጥን ጎን ያለው ግን ድምፅ ይቀዳል። «እትዬ፣ ረዘም ያለ ወሬ ሲኖርዎ በዚህችኛዋ ይላኩልኝ፣ ድምፅዎ ይናፍቀኛል» አልኳት። አሁን አጭሩን ትጽፋለች፣ የአናጢውን ጉዳይ ግን በድምፅ ቀድታ ትልካለች። ከኋላ ዶሮዋ ሲጮህም እሰማለሁ።