ወርሃዊ የፖስት ዲዛይን ጥቅል ስንሸጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለአነስተኛ ንግዶች የማኅበራዊ ሚዲያ ፖስት የሚሠሩ ጀማሪዎች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዲዛይኑ ሳይሆን ከስምምነቱ ይጀምራል። «በወር 12 ፖስት» ብለው ይሸጣሉ፤ አንድ ፖስት ምን ምን እንደሚያካትት ግን አይጽፉም። እኔም በመጀመሪያ ደንበኛዬ ላይ የሠራሁት ስህተት ይኸው ነበር። 12 ካሬ ምስሎች ካስረከብኩ በኋላ ደንበኛዬ ሁሉንም በስቶሪ መጠን ጭምር ፈለገ። በነጻው ካንቫ የዲዛይኑን መጠን በአንድ ጊዜ መለወጥ ስለማይቻል፣ 1080 በ1920 ፒክስል የሆነ አዲስ ገጽ እየከፈትኩ ጽሑፉንና ፎቶውን አንድ በአንድ ገልብጬ ደረደርኩ። 12 የነበረው ሥራ 24 ሆነ፤ ክፍያው ግን ባለበት ቀረ። አሁን በስምምነቱ ላይ የፖስቱን መጠን፣ የፋይሉን ዓይነትና ስቶሪ ይኑረው አይኑረው ለይቼ እጽፋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ገደብ የሌለው እርማት ነው። ዛሬ ቀለሙ ይለወጥ ይባላል፤ ነገ ስልክ ቁጥሩ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የቅናሹ መጠን ራሱ ተለውጦ ይመጣል፤ ጀማሪው ደንበኛውን እንዳያጣ ፈርቶ ሁሉንም በዝምታ ይሠራል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ! ዲዛይን ከመጀመራችሁ በፊት የ12ቱን ፖስቶች ጽሑፍ ብቻ በአንድ ሰነድ ቁጥር ሰጥታችሁ ላኩና ዋጋው፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ደንበኛው በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ከዚያ 12ቱን ዲዛይኖች አንድ ላይ አሳዩና አስተያየቱን በየቁጥሩ በአንድ መልእክት ተቀበሉ። ሁለት ዙር እርማት ይበቃል። እናንተ የሳታችሁት ፊደል ከእርማት አይቆጠርም፤ ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ የመጣ አዲስ ሐሳብ ግን እንደ አዲስ ፖስት ይቆጠራል። ደንበኛው ፎቶና መረጃ የሚያስገባበትን ቀንም ወስኑ፤ እሱ አምስት ቀን ቢዘገይ የማስረከቢያው ቀንም አምስት ቀን እንደሚገፋ አስቀድሞ ይወቅ።

እያንዳንዱን ፖስት ከባዶ ገጽ መጀመርም ጊዜ ይበላል። ለዕቃ ማሳያ፣ ለቅናሽ፣ ለደንበኛ ምስክርነትና ለአጠቃቀም ምክር አራት ቴምፕሌት አዘጋጅታችሁ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ብትጠቀሙበት 12ቱ ይሞላሉ፤ የንግዱም ገጽ ወጥ መልክ ይይዛል።

በነጻው ካንቫ ላይ የሚከፈልባቸውን ምስሎች ይዞ የተሠራ ናሙና ለደንበኛ አታሳዩ፤ እሱ ከወደደው በኋላ ወይ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ሌላ ምስል ፍለጋ ትገባላችሁ።

ዲዛይኑን በኮምፒውተር ስክሪን ብቻ አይቶ ማስረከብም የተለመደ ስህተት ነው። ፋይሉን በስልካችሁ ክፈቱና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ተመልከቱት፤ ዋጋው ካልተነበበ ፊደሉ ትንሽ ነው። በስቶሪ ላይ ከላይ የገጹ ስም፣ ከታች ደግሞ የመልስ መጻፊያው ሳጥን ስለሚያርፍ፣ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 250 ፒክስል ያህል ቦታ ከጽሑፍ ነጻ ይሁን። አንድ ጊዜ ስልክ ቁጥሩን ከታች ጥግ አስቀምጬ፣ ስቶሪው ከተለጠፈ በኋላ ቁጥሩ ተሸፍኖ ስላገኘሁት እንደገና ሠርቼ ልኬያለሁ።

የመጨረሻውን ሥራ በመልእክት መላኪያ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል።