ነጥቡ ከተናጋሪው ሲቀድም፦ የፓወርፖይንት አኒሜሽን ችግሮችና መፍትሄያቸው

እዚህ የተጻፈው ኮምፒውተር ላይ ለሚጫነው ፓወርፖይንት ነው። ለምሳሌ ያህል በመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ላይ የሚቀርብ አንድ የውጤት ስላይድ እንውሰድ። ርዕስ፣ ሦስት ነጥቦችና አንድ ግራፍ አለው፤ ግራፉ የሚያስረዳው ሁለተኛውን ነጥብ ነው።

ችግር፦ ግራፉ ስለ እሱ ሳይወራ ቀድሞ ይወጣል

ፓወርፖይንት ተራ የሚሰጠው ከላይ ወደ ታች እያየ አይደለም። አኒሜሽኑ የተጨመረበትን ቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ ግራፉ ላይ አኒሜሽን ካደረጋችሁ ስላይዱ ላይ የትም ቢቀመጥ ቁጥር 1 የሚይዘው እሱ ነው።

Animations ታብ ውስጥ ገብታችሁ Animation Pane የሚለውን ክፈቱ። በቀኝ በኩል በሚመጣው ዝርዝር ሦስቱ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ተጠቅልለው ይታያሉ። ከሥራቸው ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ ይዘረጋሉ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ሳይዘረጉ ግራፉን ቢጎትቱት ከሦስቱም በላይ ወይም ከሦስቱም በታች ይሄዳል እንጂ መሀል አይገባም። ከዘረጋችሁ በኋላ ግራፉን ከሁለተኛው ነጥብ ቀጥሎ አስቀምጡትና Start ላይ With Previous ምረጡ። አሁን ሁለተኛው ነጥብና ግራፉ በአንድ ክሊክ አብረው ይወጣሉ፤ ስላይዱ በሙሉ የሚፈልገው ሦስት ክሊክ ብቻ ይሆናል።

መስተካከሉን ለማወቅ ስላይዱ ላይ ከየነገሩ አጠገብ የሚታዩትን ቁጥሮች እዩ። ነጥቦቹ 1፣ 2፣ 3፣ ግራፉም 2 መሆን አለበት። የሆነ ነገር ላይ 0 ካያችሁ ክሊክ ሳይጠብቅ፣ ስላይዱ እንደተከፈተ በራሱ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ከዚያ Shift+F5 ተጫኑና የምትናገሩትን ድምፅ አውጥታችሁ እያላችሁ ክሊክ አድርጉ። በንግግር ስትሉት ግራፉን ከሦስተኛው ነጥብ ጋር የምትጠሩት ከሆነ፣ መቀየር ያለበት የዝርዝሩ ተራ ነው፤ ንግግሩን ለስላይዱ ብላችሁ አታጣምሙት።

ችግር፦ አንድ ክሊክ ሁሉንም ያወጣል፣ ወይም ሳይነካ ያልፋል

ሦስቱም ነጥቦች ባንዴ የሚወጡት Effect Options ላይ As One Object ስለተመረጠ ነው፤ By Paragraph አድርጉት። አንዱ ሌላውን እየተከተለ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ Start ላይ After Previous ተመርጧል፤ ወደ On Click መልሱት። ስላይዱ ራሱ ሳትነኩት ወደሚቀጥለው ካለፈ ግን ችግሩ አኒሜሽኑ ላይ አይደለም። Transitions ታብ ውስጥ After የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ ሲደረግ ሰዓቱ ተመዝግቦ የቀረ ነው። ምልክቱን አንሱት።

ችግር፦ ተናጋሪው ክሊክ ሲያደርግ፣ አድማጩ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቃል

ሁሉም ስላይድ ላይ አኒሜሽን ሲበዛ የሚመጣ ነው። መደበቅ የሚገባው ቀድሞ ቢታይ የሚጎዳ ነገር ብቻ ነው፦ ከጥያቄ በኋላ የሚመጣ መልስ፣ ደረጃ በደረጃ የሚብራራ ሂደት፣ ወይም እንደ ላይኛው ምሳሌ አድማጩ ትርጉሙን ሳይሰማ የሚመለከተው ግራፍ። የይዘት ማውጫ፣ የጥናቱ ዓላማና የማጣቀሻ ዝርዝር ባንዴ ይታዩ። ከእነዚህ ስላይዶች አኒሜሽኑን ለማጥፋት Ctrl+A ብላችሁ Animations ውስጥ None ምረጡ።

በሚቀሩት ላይ Appear ወይም Fade ይበቃል፤ ለ Fade ቆይታው 0.25 ሰከንድ ይሁን። ከጎን እየበረረ የሚገባ ጽሑፍ እስኪቆም ድረስ ዓይን ይከተለዋል፣ ያን ጊዜ የምትሉት አይሰማም። በዙም ስክሪን ስታጋሩ ደግሞ መስመሩ ደካማ ከሆነ እንቅስቃሴው እየተቆራረጠ ስለሚደርስ Appear ብቻ ተጠቀሙ።

ችግር፦ በጥያቄ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለሱ ስላይዱ ባዶ ነው

ፈታኙ ስላይድ 7ን ሲጠይቅ 7 እና Enter ብትጫኑ በፍጥነት ትደርሳላችሁ፤ ነገር ግን ስላይዱ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ነጥቦቹን እንደገና አንድ በአንድ ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ይጠየቅባቸዋል ብላችሁ የምታስቧቸውን ስላይዶች Ctrl+D ብላችሁ አባዙና ቅጂውን መጨረሻ ላይ አኑሩት፤ አኒሜሽኑንም አጥፉለት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

ችግር፦ ፒዲኤፍ ሲሆን ሥዕሎቹ ይደራረባሉ

ፒዲኤፍ አኒሜሽን አይይዝም፤ የስላይዱን ነገሮች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ግራፎች አንዱ ሲጠፋ ሌላው በቦታው እንዲመጣ አድርጋችሁ ከነበረ የላዩ የታቹን ይሸፍነዋል። ፋይሉ ለፈታኞች በኢሜይል የሚላክ ከሆነ ለእያንዳንዱ ግራፍ የራሱን ስላይድ ስጡት። ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ ፓወርፖይንት ሠንጠረዥን እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጥረው ረድፍ በረድፍ አያወጣውም። ስላይዱን አባዝታችሁ በየቅጂው አንድ አንድ ረድፍ እየጨመራችሁ ሂዱ፤ ክሊክ ስታደርጉ በአኒሜሽን የወጣ ይመስላል፣ ፒዲኤፉም ላይ ምንም አይደራረብም።