ለውጭ ሮስተር በሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮና ለገሀር አካባቢ ካሉ የቡና ላኪ ቢሮዎች፣ ቡና ቆልተው ለሚሸጡ የውጭ ሮስተሮች የሚጻፉት ኢሜይሎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የድርጅቱ ታሪክ ይቀድማል፣ ከሲዳማ እስከ ሊሙ ያለ የቡና ዝርዝር ይከተላል። አንዱ ስህተት ይሄ ነው። ሮስተር የሚገዛው አንድን ሎት ነውና አንዱን መርጠው ይጻፉለት፦ «ጉጂ፣ ሻኪሶ፣ ያልታጠበ፣ ደረጃ 1፣ የዘንድሮ ምርት፣ እርጥበት 11 በመቶ፣ አዲስ አበባ መጋዘን ያለ።» ከዚህ ላይ የቅምሻ ውጤቱን ከጨመሩ ለመጀመሪያ ደብዳቤ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ንግዱን የሚያበላሸው የመጠኑ ነገር ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ ኬሻ 320 ያህል ይይዛል፤ 19.2 ቶን ማለት ነው። «ትንሹ ትዕዛዝ አንድ ኮንቴነር» ብለው ከጻፉለት፣ በሳምንት ጥቂት ኬሻ የሚቆላ ሰው መልስ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። በሌላ በኩል «የፈለጉትን ያህል እንልካለን» ማለትም አያዋጣም፤ 10 ኬሻ ለብቻው በመርከብ ሲሄድ ወጪው በኪሎ ሲካፈል ይከብዳል፣ በአውሮፕላን ከቦሌ መላክ ደግሞ ይበልጥ ውድ ነው። ስለዚህ ለሙከራው መንገዱን ራስዎ ያቅርቡ፦ «10 ኬሻ፣ 600 ኪሎ፣ ወደ አገርዎ በሚመጣ ሌላ ኮንቴነር ውስጥ ልንጭን እንችላለን። ቡና የሚያስገባልዎት ድርጅት የትኛው ነው?» ይቺ ጥያቄ ብዙ ነገር ትከፍታለች። አብዛኞቹ ትናንሽ ሮስተሮች ራሳቸው አያስገቡም፤ ከአስመጪው መጋዘን በየጊዜው እየወሰዱ ይከፍላሉ። አስመጪው ከታወቀ በጉምሩኩም በክፍያውም ጉዳይ ከእሱ ጋር ይነጋገራሉ። በእርግጥ በዚያ መንገድ የሚጫን ኮንቴነር ሳይኖርዎት ይህን ቃል አይግቡ።

ዋጋ ላይ ደግሞ «4 ዶላር» ብቻ ተብሎ ይጻፋል። በፓውንድ ከሆነ በኪሎ 8.82 ዶላር ነው፤ በኪሎ ከሆነ ከግማሽ በታች ይወርዳል። መለኪያውን፣ ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ መሆኑን፣ እስከ መቼ እንደሚጸናም ይጻፉ፤ የኒውዮርክ ገበያ በየቀኑ ስለሚዋዥቅ ቀን የሌለው ዋጋ በኋላ ያጨቃጭቃል።

ሳምፕሉን ከሌላ፣ ከተሻለ ሎት መላክ ፈጽሞ አይሞከር። 300 ግራም ያህል ከዚያው ሎት፣ ከተለያዩ ኬሾች ተወስዶ ይላክ፤ የሎቱ ቁጥር በፓኬቱም በኢሜይሉም ላይ አንድ ይሁን። ከመጫኑ በፊት ሁለተኛ ሳምፕል እንደሚልኩና ሮስተሩ ቀምሶ ካልተቀበለው እንደማይጭኑ በዚያው ኢሜይል ይግለጹለት። አዲስ ገዢ በጣም የሚፈራው የቀመሰው አንድ፣ የደረሰው ሌላ እንዳይሆንበት ነው።